የሊን ቀበቶዎች ምን ያረጋግጣሉ? ለፋብሪካ ሱፐርቫይዘርስ የትኛው ይበጃል?

የፋብሪካ ሥራን የማሻሻል ሥልጠና ደረጃዎች በቀበቶ ቀለም ይጠራሉ። ሁለት የፈረቃ ሱፐርቫይዘሮች «አረንጓዴ ቀበቶ አለን» ብለው ሰርተፊኬታቸውን ቢያሳዩ፣ ወረቀቱ ቢመሳሰልም ከጀርባው ያለው ሥራ የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። አንደኛው ጥቂት ቀናት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ቪዲዮ ካየ በኋላ የምርጫ ጥያቄዎችን መልሶ ያገኘው ሊሆን ይችላል። ሌላኛዋ ደግሞ ወራት ፈጅታ፣ ከራሷ የምርት መስመር አንድ ችግር ይዛ፣ ለክታ፣ ምክንያቱን አግኝታ፣ ለውጡም መቆየቱን በቁጥር አሳይታ ያገኘችው ይሆናል። ቀለሙ አንድ ነው፤ የሚያረጋግጠው ነገር ግን አንድ አይደለም።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ሊን የምንለው አሠራር የመነጨው ከቶዮታ የማምረቻ ሥርዓት ነው፤ ዋና ትኩረቱም ብክነትን ማስወገድና ሥራ ሳይቆራረጥ እንዲፈስ ማድረግ ነው። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ቀበቶ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው የሚማረው እዚያው ማሽኑ አጠገብ፣ ከቅርብ አለቃው ነበር። ቀበቶዎቹ የመጡት ከሌላ ወገን፣ በ1980ዎቹ ሞቶሮላ ከጀመረውና የምርት መዋዠቅን በስታቲስቲክስ ለመቀነስ ከተዘጋጀው ሲክስ ሲግማ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጀነራል ኤሌክትሪክ በጃክ ዌልች አመራር አሠራሩን በመላው ኩባንያ ሲዘረጋው የቀበቶ ስም የሥራ መደብ እስከመሆን ደረሰ። በኋላ ሁለቱ ተጋብተው «ሊን ሲክስ ሲግማ» ተባሉ። ዛሬ «የሊን ቀበቶ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ሥልጠናም በእውነቱ የዚህ ቅይጥ ልጅ ነው።

ስለዚህ በዓለም ላይ «ይህ ቀበቶ ነው፣ ያኛው አይደለም» የሚል አንድ ባለሥልጣን የለም። አይኤስኦ 18404 የተባለው የ2015 መስፈርት ለአረንጓዴ፣ ለጥቁርና ለማስተር ጥቁር ቀበቶ የሚያስፈልገውን ብቃት ይዘረዝራል። ለሊን ባለሙያዎች ግን ቀለም ሳይጠቀም ሌሎች የደረጃ ስሞችን ሰጥቷል። ሰርተፊኬቱን የሚሰጡት ግን ማኅበራት፣ አሠልጣኝ ድርጅቶችና ራሳቸው ኩባንያዎች ናቸው፤ መመዘኛቸውም ይለያያል። ለምሳሌ የአሜሪካው የጥራት ማኅበር ኤኤስኪው ለጥቁር ቀበቶ ፈተና የሚቀመጥ ሰው ሁለት የተጠናቀቁ ፕሮጀክቶችን፣ ወይም አንድ ፕሮጀክትና የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ለአረንጓዴ ቀበቶ ደግሞ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ ፕሮጀክት ግን ግዴታ አያደርግም። አይኤኤስኤስሲ የተባለው ሌላ ፈታኝ አካል ደግሞ በየትኛውም ደረጃ ፕሮጀክት አይጠይቅም፤ ፈተናውን ያለፈ አለፈ ነው። ሁለቱም ያሉትን ሳይደብቁ ይናገራሉ። ችግሩ ያለው ወረቀቱን በሚያነበው ሰው ዘንድ ነው፦ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና ያለፈን ሰው መሪ እንደጨበጠ አድርጎ መቁጠር ይመጣል።

ነጭና ቢጫ

ነጭ ቀበቶ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። የጥቂት ሰዓታት ገለጻ ነው፤ የሚያረጋግጠው ሰውየው ቃላቱን መስማቱን ነው። ፋብሪካው ውስጥ የማሻሻያ ሥራ ሲጀመር ሠራተኛው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ እንዳይደናገጥ ይረዳል። ለሥራ ማመልከቻ የሚጨምረው ነገር ግን የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቢጫ ቀበቶ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን የሚወስድ ሥልጠና ነው። የያዘው ሰው የሥራ ሂደትን ደረጃ በደረጃ በሥዕል ማስቀመጥ፣ የብክነት ዓይነቶችን ለይቶ ማየት (መጠበቅ፣ አላስፈላጊ ማጓጓዝ፣ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ ጉድለትና የመሳሰሉትን)፣ የቆጠራ ቅጽ አዘጋጅቶ መሙላት፣ «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ደጋግሞ እየጠየቀ ወደ ሥር መውረድ ይችላል ተብሎ ይታሰባል። ፕሮጀክት አይመራም፤ በሌላ ሰው ፕሮጀክት ውስጥ ጠቃሚ አባል ይሆናል። እንግዲህ ለመስመር መሪና ለነባር ኦፕሬተር የሚበቃው ይኸው ነው። እንዲያውም አንድ ሱፐርቫይዘር ከሥሩ ሦስት አራት ቢጫ ቀበቶዎች ቢኖሩት እሱ ራሱ ከፍ ያለ ቀበቶ ከመያዙ ይልቅ ለመስመሩ የሚጠቅምበት ጊዜ ብዙ ነው። ትክክለኛ ቆጠራ የሚሞላ ሰው ከሌለ አረንጓዴውም ጥቁሩም የሚተነትነው ነገር አያገኝም።

አረንጓዴ፦ በአንድ መስመር ላይ ስናየው

አረንጓዴ ቀበቶ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሥልጠናና፣ በደንብ ከተሰጠ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚወስድ ፕሮጀክት ነው። ያዡ መደበኛ ሥራውን ሳይለቅ፣ በራሱ ክፍል ውስጥ ያለን ችግር በአምስት እርከን ይፈታል፦ ችግሩን መወሰን፣ መለካት፣ መተንተን፣ ማሻሻል፣ መቆጣጠር። እርከኖቹን ማንም ሸምድዶ ሊናገር ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው ሥራው ውስጥ ስለሆነ አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ይዘን እንሂድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው።

አንድ የጠርሙስ መሙያ መስመር በስምንት ሰዓት ፈረቃ 12,000 ጠርሙስ ያወጣል። የሌብል መለጠፊያው ማሽን አንዳንዶቹን አጣሞ ይለጥፋል፤ የተጣመመው ተልጦ በእጅ እንደገና ይለጠፋል። በመዝገቡ መሠረት የቀን ፈረቃ 4.2 በመቶ፣ የሌሊት ፈረቃ 2.6 በመቶ የተጣመመ ሌብል አለው። የመጀመሪያው ስሜት ግልጽ ነው፦ የሌሊቶቹ ጎበዞች ናቸው፣ የቀኖቹ ከእነሱ ይማሩ። ብዙ ፋብሪካ ውስጥ ስብሰባው እዚህ ላይ ያበቃል፤ የቀን ፈረቃ ሱፐርቫይዘሯም ተወቅሳ ትወጣለች።

አረንጓዴ ቀበቶ በሥራ ያገኘች ሱፐርቫይዘር ግን ወቀሳውን ከመቀበሏም ሆነ ከመመለሷ በፊት አንድ ጥያቄ ታነሳለች፦ የምንቆጥርበት መንገድ ራሱ ይታመናል? ጥሩ፣ መጥፎና አጠራጣሪ የሆኑ 30 ጠርሙሶችን መርጣ፣ ከታች በኩል ቁጥር ሰጥታ፣ ለሦስት የጥራት ተቆጣጣሪዎች ለየብቻቸው ታሳያለች። ከዚያ ቅደም ተከተሉን ቀይራ፣ የቀድሞ መልሳቸውን ሳያዩ እንደገና ታሳያቸዋለች። ውጤቱ ሲታይ ሦስቱም ሰዎች በሁለቱም ዙር አንድ ዓይነት መልስ የሰጡት ለ19 ጠርሙሶች ብቻ ነው። በተቀሩት 11 ጠርሙሶች ላይ ወይ እርስ በርሳቸው አልተስማሙም፣ ወይ ከራሳቸው ጋር ተጣልተዋል። የሌሊቱ ተቆጣጣሪ አጠራጣሪውን ሁሉ «ያልፋል» የሚል ሰው ኖሯል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። በጠርሙሱ ቅርጽ የታጠፈ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ላይ ሁለት መስመሮች ይሰመራሉ፤ የሌብሉ ጠርዝ ከመስመሩ ካለፈ ተጣሟል፣ ካላለፈ ደህና ነው። ሙከራው ሲደገም ሦስቱ ሰዎች ከሞላ ጎደል ይስማማሉ። በዚህ መለኪያ ሁለቱም ፈረቃዎች እንደገና ሲቆጠሩ ሁለቱም ወደ 3.8 በመቶ፣ ማለትም በፈረቃ 456 ጠርሙስ ግድም ሆኑ። የጎበዝና የሰነፍ ፈረቃ ወሬ እዚህ ላይ ሞተ። እስካሁን ማሽኑ አልተነካም፤ ነገር ግን ፋብሪካው የተሳሳተውን ነገር ከመኮረጅ ድኗል። በእኔ ግምት አረንጓዴ ቀበቶ ለሱፐርቫይዘር ከሚሰጠው ሁሉ ትልቁ ይኸ ልማድ ነው፤ በኮርስ ብቻ የተገኘው ቀበቶ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለውም ይኸው ነው። ትምህርቱ በክፍል ውስጥ ይነገራል፣ ግን ራሱ ሰው ጠርሙስ ቆጥሮ ካላየው አይገባም።

ቀጥሎ የመቁጠሪያ ቅጹ ይቀየራል። ድሮ በፈረቃ አንድ ቁጥር ብቻ ይመዘገብ ነበር፤ አሁን ኦፕሬተሩ እያንዳንዱን ሰዓት በአሥር በአሥር ደቂቃ ከፍሎ በስድስት ሣጥን ላይ ጭረት ያደርጋል። በሰዓት በአማካይ 57 የተጣመመ ሌብል አለ። ከእነሱ 38ቱ የሚወድቁት በአንድ ሣጥን ውስጥ ነው፤ 19ኙ ብቻ በተቀሩት አምስት ሣጥኖች ይበተናሉ። ያ ሣጥን ደግሞ የሌብል ጥቅል ከተቀየረ በኋላ ያለው የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ነው። አንድ ጥቅል 1,500 ሌብል ስላለው በሰዓት አንዴ፣ በፈረቃ ስምንት ጊዜ ይቀየራል። ስምንት ጊዜ 38 ማለት 304 ነው፤ ከ456ቱ ሁለት ሦስተኛው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሱፐርቫይዘሯ ቢሮ ውስጥ ሆና አትገምትም፤ ጥቅል ሲቀየር ቆማ ታያለች። አዲሱ ጥቅል ሙሉና ከባድ ነው። ኦፕሬተሩ የሌብሉን ወረቀት የሚወጥረውን ፍሬን በእጁ ስሜት እየጠበቀና እያላላ፣ ሌብሉ እስኪስተካከል ድረስ ጠርሙስ እያሳለፈ ያያል። እያንዳንዱ ኦፕሬተር የራሱ እጅ አለው። ከመካኒኩና ከኦፕሬተሮቹ ጋር ሆነው ሦስት ነገር ይለውጣሉ፦ ፍሬኑ ላይ ለሙሉ ጥቅልና ላለቀ ጥቅል የሚሆነው ቦታ ተለክቶ በቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ የሚቀጥለው ጥቅል የፊተኛው ሳያልቅ ተዘጋጅቶ ይቆያል፤ ከቅያሬ በኋላ የመጀመሪያዎቹ አምስት ጠርሙሶች በፕላስቲኩ መለኪያ ታይተው ነው መስመሩ ሙሉ ፍጥነት የሚገባው። በአንድ ቅያሬ 38 የነበረው ወደ 9 ይወርዳል። በፈረቃ ስምንት ጊዜ 9 ሲባዛ 72 ነው፤ ከቅያሬ ጋር ከማይገናኘውና ካልተነካው 152 ጋር ሲደመር 224፣ ከ12,000ው ላይ 1.87 በመቶ ይሆናል።

«ቀነሰ» ለማለት ግን ምን ያህል ማየት ያስፈልጋል? ከለውጡ በፊት 200 ጠርሙስ ታይቶ 8 ተጣመመ፣ ከለውጡ በኋላ 200 ታይቶ 4 ተጣመመ እንበል። ግማሽ በግማሽ ቀነሰ ብሎ ማጨብጨብ ያምራል፤ ነገር ግን ከ200 ውስጥ የ8 እና የ4 ልዩነት ምንም ነገር ሳይለወጥ በዕድል ብቻ በቀላሉ ሊመጣ ይችላል። በሙሉ ፈረቃ 456 እና 224 ሲሆን ግን፣ ያውም በየቀኑ ሲደጋገም፣ አጋጣሚ ነው ማለት አይቻልም። አረንጓዴ ቀበቶ ቀመሩን በቃሉ ባይዝም ይህን ፍርድ መስጠት ይጠበቅበታል። በሁለት ሰዓት ናሙና ተመሥርቶ «ችግሩ ተፈታ» የሚል ሪፖርት ካየ ሊጠራጠር ይገባል።

የመጨረሻው እርከን፣ መቆጣጠር፣ ፕሮጀክቶች ብዙ ጊዜ የሚሞቱበት ቦታ ነው። ሱፐርቫይዘሯ በየሰዓቱ የሚመጣውን ቁጥር በቁጥጥር ቻርት ላይ ታስቀምጣለች። በሰዓት 1,500 ጠርሙስ፣ አማካዩ 28 ከሆነ፣ የቻርቱ ላይኛው ወሰን 44 አካባቢ፣ ታችኛው ደግሞ 12 አካባቢ ይወድቃል። ይህ ወሰን አለቃ የሚያወጣው ግብ አይደለም፤ ሂደቱ ራሱ፣ ምንም አዲስ ነገር ሳይነካው፣ የሚዋዥቅበት ስፋት ነው። ትርጉሙም በየቀኑ ሥራ ላይ ይታያል። አንድ ሰዓት ላይ 35 ቢመጣ ኦፕሬተሩን ጠርቶ መቆጣት ከንቱ ነው፤ 35 የሂደቱ የተለመደ ጩኸት ነው። በሚቀጥለው ሰዓት 24 ሆኖ ይወርድና ሱፐርቫይዘሩ «ስቆጣ ተስተካከለ» ብሎ ያምናል፤ ቁጣውም ልማድ ይሆናል። 50 ከመጣ ግን አንድ የተለየ ነገር ተፈጥሯልና ወዲያው መሄድ ያስፈልጋል፤ ምናልባት የፍሬኑ ምልክት ተሰርዟል፣ ምናልባት ከሌላ አቅራቢ የመጣ ጥቅል ገብቷል። ወሰኑን ሳያልፍም በተከታታይ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ከአማካዩ በላይ ከሆኑ ሂደቱ ቀስ ብሎ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። መቼ መሮጥ፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት የሚያውቅ ሱፐርቫይዘር የሠራተኛውንም የራሱንም ጉልበት ይቆጥባል።

ስለ ገንዘቡ

የአረንጓዴ ቀበቶ ሪፖርቶች ላይ «ይህን ያህል ገንዘብ አዳንን» የሚል መስመር አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜም የተነፋ ነው። በምሳሌያችን በፈረቃ 232 ጠርሙስ ከመጣመም ድኗል። ያልለመደ ሰው 232ን በጠርሙሱ መሸጫ ዋጋ ያባዛል። ስህተት ነው፤ ጠርሙሶቹ ቀድሞም አይጣሉም ነበር፣ ሌብላቸው ነበር የሚለወጠው። በእርግጥ የዳነው 232 ሌብል፣ ሙጫውና መልሶ መለጠፊያው ጊዜ ነው። አንዱን ለማስተካከል አንድ ደቂቃ ከወሰደ፣ ቀድሞ 456 ደቂቃ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል፣ ማለትም የአንድ ሰው ሙሉ ፈረቃ ይሄድ ነበር። አሁን ከአራት ሰዓት በታች ሆኗል። ነገር ግን ያቺ ሠራተኛ ቀሪውን ግማሽ ቀን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከዋለች ደመወዝ አልዳነም። ለሌላ ሥራ ስትመደብ ወይም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲቀር ነው ቁጥሩ የፋይናንስ ክፍል መዝገብ ላይ የሚታየው። ስለዚህ በደንብ በሚመራ ፋብሪካ የፕሮጀክቱን ቁጠባ የሚያጸድቀው ፋይናንስ እንጂ ባለ ፕሮጀክቱ አይደለም። ሰርተፊኬት ሲገመገምም ያ ፊርማ መኖሩ ከፈተናው ውጤት ይበልጥ ይናገራል።

ደግሞ አንድ የማልወደው ልማድ አለ፦ የተቆጠበ ጊዜ በታየ ቁጥር ሰው መቀነስ። አንዴ እንዲህ ከተደረገ በሚቀጥለው ፕሮጀክት ኦፕሬተሩ ጭረቱን በትክክል አይሞላም፤ እውነቱን ነው። ያን ጊዜ ቀበቶው ምንም ቀለም ይኑረው የሚተነተነው ዳታ ውሸት ይሆናል።

ጥቁር የሚጠራው መቼ ነው?

በመስመራችን ላይ ከጥቅል ቅያሬ ጋር የማይገናኙ 152 የተጣመሙ ሌብሎች ቀርተዋል። በሁሉም ሰዓት የተበተኑ ስለሆኑ ቆሞ በማየት ምክንያታቸው አይገኝም። ኦፕሬተሮቹ የሙጫው ሙቀት ነው ይላሉ፤ መካኒኩ ፍጥነቱ ነው ይላል፤ የጥራት ክፍሉ ጠርሙሱ ላይ ያለው እርጥበት ነው ይላል። ሦስቱም በከፊል ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱን እየለወጡ ሌላውን እንዳለ መተው፣ ብዙ ሰው የሚሞክረው መንገድ፣ እዚህ ያታልላል። የሙጫው ሙቀት ከፍ ማለት ጠርሙሱ ደረቅ ሲሆን ጠቅሞ፣ እርጥብ ሲሆን ሊጎዳ ይችላልና።

ጥቁር ቀበቶ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለው። ሦስቱን ነገሮች እያንዳንዳቸውን በሁለት ደረጃ (ዝቅና ከፍ) ያስቀምጥና ሊኖሩ የሚችሉትን ስምንት ጥምረቶች በሙሉ፣ ቅደም ተከተላቸውን በዕጣ እየለወጠ፣ በመስመሩ ላይ ይሞክራል። ከስምንቱ ውጤት እያንዳንዱ ነገር ብቻውን ያለው ጫናም፣ አንዱ ከሌላው ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረውም ተለይቶ ይወጣል። ይህን ለመሥራት የመስመር ጊዜ ማስፈቀድ፣ ከጥገና፣ ከግዥና ከጠርሙስ አቅራቢው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ጥቁር ቀበቶ የሚያረጋግጠውም ይህንን ጥምረት ነው፦ ጠለቅ ያለ ስታቲስቲክስ፣ ከአንድ ክፍል በላይ የሚሻገር ፕሮጀክት፣ እንዲሁም አረንጓዴዎችን ማገዝ። የተለመደው ሥልጠና አራት ሳምንት ገደማ ሲሆን በወር አንድ አንድ ሳምንት እየተከፈለ፣ በመሃል በፕሮጀክት እየተሠራበት ይሰጣል።

ለሱፐርቫይዘር እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። በትልልቅ ኩባንያዎች ጥቁር ቀበቶ ብዙውን ጊዜ የሙሉ ጊዜ የማሻሻያ ሥራ ነው። ፈረቃ እየመሩ፣ የቀረ ሠራተኛ እየተኩ፣ የቆመ ማሽን እያስነሱ አራት ወር ሙከራ መምራት አይሆንም፤ ከሁለቱ አንዱ ይበላሻል፤ በአብዛኛው የሚበላሸው ሙከራው ነው። ስለዚህ ጥቁር ቀበቶ መያዝ ሱፐርቫይዘርነቱን የሚያጎለብት ሳይሆን ከሱፐርቫይዘርነት ወደ ሌላ ሙያ የሚያሻግር እርምጃ ነው። ያንን ለሚፈልግ ሰው ጥሩ መንገድ ነው። ማስተር ጥቁር ቀበቶ ደግሞ ጥቁሮችን የሚያሠለጥንና ድርጅቱ የትኞቹን ፕሮጀክቶች ይያዝ በሚለው ላይ የሚያማክር ሰው ነው፤ የምርት ወለሉን ለሚመራ ሰው ከዚህ በላይ ስለሱ ማወቅ ግድ አይለውም።

ወረቀቱን እንዴት ማንበብ ይቻላል?

ሥራ አስኪያጅ ሆነው ሱፐርቫይዘር የሚቀጥሩ ከሆነ፣ ወይም ራስዎ ለሥልጠና ሊከፍሉ ከሆነ፣ የሰርተፊኬቱን ጌጥ ትተው ስለ ፕሮጀክቱ ይጠይቁ። «ከመጀመርህ በፊት ቁጥሩ ስንት ነበር? ቁጥሩን ማን ቆጠረው? መቁጠሪያው ትክክል መሆኑን እንዴት አወቅህ?» ብለው ይጀምሩ። ፕሮጀክት በእውነት የሠራ ሰው እዚህ ጋ ዓይኑ ይበራል፤ ስለ ተቆጣጣሪዎቹ አለመስማማት፣ ስለ ቅጹ መበላሸት፣ ስላልሠራው የመጀመሪያ ሐሳቡ ሳይጠየቅ ያወራል። ኮርስ ብቻ የወሰደው ግን የአምስቱን እርከኖች ስም በቅደም ተከተል ይነግርዎታል። ቀጥሎ «ከስድስት ወር በኋላስ ቁጥሩ የት ላይ ነበር?» ይበሉ። ብዙ ፕሮጀክት ሰርተፊኬቱ በተሰጠበት ሳምንት ጥሩ ነው፤ ፕሮጀክቱን የሠራው ሰው ወደ ሌላ ፈረቃ ሲዛወር የፍሬኑ ምልክት ይሰረዛል፣ ቻርቱም ይሸፈናል።

ሥልጠና ሰጪውንም እንዲሁ መጠየቅ ይቻላል። ፕሮጀክት ግዴታ ነው ወይ? ከሆነስ የሚገመግመው ማን ነው፣ የተሠራበት ቦታ ሄዶ ያያል ወይስ የተላከለትን ስላይድ ብቻ ያነባል? ፕሮጀክት የሚደግፍ አሠልጣኝ በመሃል ስንት ጊዜ ያገኝዎታል? ለነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ መልስ የሌለው ኮርስ ዕውቀት አይሰጥም ማለት አይደለም፤ ንባብ ነውና ዋጋውም የንባብ ዋጋ መሆን አለበት።

የመስመር ሱፐርቫይዘር የሆነ ሰው ከየት ይጀምር ከተባለ፣ እኔ የምለው እንዲህ ነው። ለራሱ ቢጫ ይውሰድ፤ ከዚያ በመስመሩ ላይ በየቀኑ የሚያናድደውን አንድ ችግር ይምረጥ፤ በአንድ ሰው ቁጥጥር ሥር የሚወድቅ፣ በየሰዓቱ ወይም በየቀኑ የሚቆጠር፣ በሦስት ወር ውስጥ ለውጡ ሊታይ የሚችል መሆን አለበት። «የፋብሪካውን ምርታማነት ማሳደግ» ፕሮጀክት አይደለም፤ «ከጥቅል ቅያሬ በኋላ የሚጣመም ሌብል መቀነስ» ግን ነው። የአረንጓዴ ሥልጠናውን በዚያ ፕሮጀክት ይጀምር እንጂ ሥልጠናውን ጨርሶ ፕሮጀክት አይፈልግ። ከአለቃው ጋርም ሳይሸፋፈን በሳምንት ግማሽ ቀን ያህል ለፕሮጀክቱ እንዲፈቀድለትና በዚያ ጊዜ ፈረቃውን ማን እንደሚይዝለት አስቀድሞ ይስማማ። ይህ ሳይወሰን የተጀመረ ፕሮጀክት የመለካት እርከን ላይ ደርሶ የሚቆመው በአብዛኛው ሰው ሰንፎ ሳይሆን ማሽን ቆሞ ነው።

በነገራችን ላይ ቀበቶ ለሱፐርቫይዘር የማይሰጠው ትልቅ ነገር አለ፦ ሠራተኛን ማሠልጠንና ቅሬታ መያዝ። የፍሬኑን አዲስ አሠራር ለስድስት ኦፕሬተሮች አንድ ዓይነት አድርጎ ማስተማር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ የአረንጓዴ ቀበቶ ሥርዓተ ትምህርት ግን ከቻርቱ ብዙም አይዘልም። ለዚህ በ1940ዎቹ በአሜሪካ ለጦርነት ጊዜ ፋብሪካዎች ሱፐርቫይዘሮች የተዘጋጀውና በኋላ ጃፓን ገብቶ ቶዮታ የተጠቀመበት ቲደብሊውአይ የተባለው ሥልጠና ዛሬም ይሰጣል። አንዱ ክፍሉ ሥራን ከፋፍሎ፣ አሳይቶ፣ አሠርቶ፣ ተከታትሎ ማስተማርን ነው የሚያለማምደው። ቀለም የለውም፤ ሆኖም አረንጓዴ ይዘው የፍሬኑ ምልክት በሌሊት ፈረቃ ለምን እንደማይከበር ግራ ለገባቸው ሱፐርቫይዘሮች፣ ሁለተኛ ቀበቶ ከመግዛታቸው በፊት ይህን ቢያዩት ይሻላል።